የሰባት ስድስት ቀሪዎች



መቶ ብር ለሰባት ሰዎች እኩል ይከፈል ቢባል ለእያንዳንዱ 14 ብር ከ28 ሳንቲም ይደርሰውና 4 ሳንቲም ይተርፋል። ከሳንቲም በታች የሚመነዘር ገንዘብ ስለሌለ ገበያ ላይ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን አይዘጋም። ያንን ትርፍ ሳንቲም እየሸረፈ ማካፈሉን የቀጠለ ሰው 14.285714285714 እያለ ይጓዛል፤ ደብተሩ ያልቃል እንጂ ቁጥሩ አያልቅም። ያው መቶ ብር ለስምንት ሰው ቢሆን ኖሮ 12 ብር ከ50 ሳንቲም ተብሎ ምንም ሳይተርፍ ባለቀ ነበር።

ስምንት ሰባትን የሚበልጠው በአንድ ብቻ ነው። ታዲያ አንዱ ወዲያው አልቆ ሌላው ማብቂያ የሚያጣው ለምንድን ነው? ሌላም ጥያቄ አለ። የአንድ ሰባተኛ አኃዞች 142857 ይሉና ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ተመልሰው ከ1 ይጀምራሉ። ለምን ስድስት? ለምን አምስት፣ ወይም መቶ አልሆነም? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። የሚያስፈልገን በልጅነታችን የተማርነው ረጅሙ ማካፈል ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ዓይናችን ያረፈው ድርሻው ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ድርሻውን ትተን ቀሪውን እንከተላለን።

ቀሪን መከተል ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሊቅ መስከረም 1 በየትኛው ዕለት እንደሚውል ለማወቅ ዓመተ ዓለሙን ከመጠነ ራብዒቱ ጋር ይደምርና በሰባት ይገድፋል። ለ2018 ዓ.ም. 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397 ይሆናሉ። ይህ ለሰባት ሲካፈል ድርሻው 1342 ነው፤ ድርሻውን ግን ማንም አይፈልገውም። የሚፈለገው ቀሪው 3 ነው፤ አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ ተብሎ ዕለቱ ከእርሱ ይገኛል። እኛም ዛሬ የምንሠራው በዚሁ ዓይን ነው።

እንግዲህ 1ን ለ7 እናካፍል። አንድ ለሰባት አይደርስም፤ ስለዚህ «ዜሮ ነጥብ» ብለን በአንዱ ጎን ዜሮ እንጨምርና 10 እናደርገዋለን። አሥር ለሰባት አንድ ጊዜ ይደርሳል፤ 3 ይቀራል። በ3 ጎን ዜሮ ስንጨምር 30 ይሆናል፤ አራት ጊዜ ደርሶ 2 ይቀራል። እንዲህ እያልን ስንሄድ ሥራው በሙሉ ይህን ይመስላል፤

10 = 7 × 1 + 3
30 = 7 × 4 + 2
20 = 7 × 2 + 6
60 = 7 × 8 + 4
40 = 7 × 5 + 5
50 = 7 × 7 + 1

ከ7 ጋር የተባዙትን ከላይ ወደ ታች አንብቧቸው፤ 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7። አስርዮሹ ይኸው ነው። አሁን ደግሞ በስተቀኝ ጫፍ ያሉትን ቀሪዎች ተመልከቱ፤ 3፣ 2፣ 6፣ 4፣ 5፣ 1። የመጨረሻው ቀሪ 1 ነው፤ ሥራውን የጀመርነውም በ1 ነበር። በዚህ 1 ጎን ዜሮ ብንጨምር 10 ይሆናል፤ ያ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ነው። ቀጣዩን አኃዝ የሚወስነው በእጃችን ያለው ቀሪ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አምስት እርምጃ ሄድን አምስት ሺህ፣ ለማካፈሉ ምንም ለውጥ አያመጣም። አንድ ቀሪ በተመለሰ ቁጥር ከእርሱ ኋላ የመጣው ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳል።

«ለምን ስድስት» ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ አለ። አንድ ቁጥር ለሰባት ሲካፈል ሊቀር የሚችለው 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ወይም 6 ነው። ዜሮ ከቀረ ሥራው አለቀ። ዜሮ ካልቀረ ያሉት ስድስት ቀሪዎች ብቻ ናቸውና፣ ሰባተኛው እርምጃ ላይ ከመካከላቸው አንዱ መደገሙ ግድ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ክፍልፋይ ወይ ያልቃል ወይ ይደግማል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። የሚደግም ከሆነ ደግሞ የዑደቱ ርዝመት ከታህቱ ቢያንስ በአንድ ያንሳል። አንድ ሰባተኛ ረጅም የሆነው ከስድስቱ ቀሪዎች አንዱንም ሳይዘል ሁሉንም ስለሚጎበኝ ነው። ለሰባት ከዚህ የረዘመ ዑደት ሊኖረው አይችልም።

ብዙ ሰው ስለ 142857 ሰምቶ የሚደነቅበት አንድ ነገር አለ። ይህ ቁጥር በ3 ሲባዛ 428571፣ በ2 ሲባዛ 285714፣ በ6 ሲባዛ 857142 ይሆናል፤ አኃዞቹ ያው ሆነው መነሻቸው ብቻ ይቀየራል። ቀሪውን የተከተለ ሰው ምክንያቱን ከፊቱ ያገኘዋል። ሦስት ሰባተኛ ማለት ማካፈሉን ከ1 ሳይሆን ከ3 መጀመር ማለት ነው። 3 ደግሞ በሠራነው ዝርዝር ውስጥ የሁለተኛው መስመር መነሻ ነው፤ ስለዚህ ከሁለተኛው መስመር ተነሥተን 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7፣ 1 እያልን እንዞራለን። ዑደቱ አንድ ነው፤ ስድስቱ ሰባተኛዎች በስድስት የተለያዩ በሮች ይገቡበታል።

አንድ ያልተዘጋ ክፍተት ግን አለ። አንድ ቀሪ መደገሙ ግድ ነው ብያለሁ። የሚደገመው ግን መነሻችን 1 ራሱ መሆን አለበት? ለሁሉም ታህት እንዲህ አይሆንም። አንድ ስድስተኛን አካፍሉ፤ 10 ለ6 አንድ ጊዜ ደርሶ 4 ይቀራል፤ 40 ለ6 ስድስት ጊዜ ደርሶ አሁንም 4 ይቀራል። መልሱ 0.1666 እያለ ይቀጥላል፤ ያቺ የመጀመሪያዋ 1 ግን አንዴ ታይታ ጠፍታለች። በሰባት ዘንድ ይህ የማይደርሰው ለምንድን ነው?

ሁለት የተለያዩ ቀሪዎች ወደ አንድ ቀጣይ ቀሪ የሚያደርሱ ቢሆን ምን ማለት እንደሆነ እንመርምር። ሁለቱም በ10 ከተባዙ በኋላ ለሰባት ሲካፈሉ እኩል ይተርፋሉ ማለት ነው። እንግዲያው የሁለቱ ልዩነት በ10 ተባዝቶ ለሰባት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ሰባትና አሥር ግን ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ አሥሩ ምንም አይረዳም፣ ልዩነቱ ራሱ ለሰባት መካፈል አለበት። ከሰባት በታች ያሉ ሁለት ቀሪዎች ልዩነት ለሰባት የሚካፈለው ዜሮ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በሰባት ዘንድ እያንዳንዱ ቀሪ አንድ ቀዳሚ ብቻ አለው፤ ሁለት መንገድ አንድ ላይ አይገጥምም። መንገድ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚደገመው የተነሣንበት ቀሪ ነው። በስድስት ዘንድ ግን 1 እና 4 ሁለቱም ወደ 4 ይወስዳሉ። ልዩነታቸው 3 ነው፤ 3 በ10 ሲባዛ 30 ይሆናል፤ 30 ደግሞ ለስድስት ይካፈላል። ይህን ያደረገው ስድስትና አሥር የሚጋሩት 2 ነው።

ከዚህ ጋር የስምንትም ምሥጢር ይፈታል። አሥር የተሠራው ከ2 እና ከ5 ነው። ታህቱ ከ2 እና ከ5 ብቻ የተባዛ ከሆነ ዜሮ እየጨመርን ስንሄድ ቀሪው ውሎ አድሮ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ 1000 ለ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል አንድ ስምንተኛ 0.125 ብሎ ያበቃል። ታህቱ ከ2 ወይም ከ5 ጋር እንደ ሰባት ያለ ቁጥርም ያለበት ከሆነ ደግሞ ውጤቱም ድብልቅ ነው። 28 ማለት 4 × 7 ነው፤ አንድ ሃያ ስምንተኛ 0.03 ብሎ ይጀምርና ከዚያ 571428 እያለ ይዞራል። ሁለቱ መግቢያ አኃዞች የአራቱ ዕዳ ናቸው፤ ዑደቱ የሰባቱ ነው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ በአሥር መቁጠራችን ያመጣው ነው። የጥንት ባቢሎናውያን በስልሳ ይቆጥሩ ነበር። ስልሳ ውስጥ 2፣ 3 እና 5 ስላሉ ለእነርሱ አንድ ሦስተኛ ያለ ችግር ያልቅ ነበር፤ ከስልሳ 20 ነው። ሰባት ግን ለእነርሱም አልተመቸም። በሸክላ ላይ የጻፏቸው መደበኛ የተገላቢጦሽ ሰንጠረዦች ከ6 ወደ 8 ይዘላሉ። በእነርሱ አቆጣጠር አንድ ሰባተኛ ቢጻፍ 8፣ 34፣ 17 እያለ ሳያቋርጥ ይደግማል፤ የዑደቱ ርዝመት ስድስት ሳይሆን ሦስት ነው። ስለዚህ የዑደት ርዝመት የታህቱ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ታህቱና የምንቆጥርበት መሠረት አብረው የሚወልዱት ነው።

አሁን ርዝመቱን ሳናካፍል ለማወቅ ወደሚያስችለን ነጥብ ደረስን። ከስድስት እርምጃ በኋላ 1 ቀረ ስንል ስድስት ዜሮ ጨምረናል፤ ስለዚህ 1,000,000 ለ7 ሲካፈል 1 ይቀራል ማለታችን ነው። ያንን አንዱን ብንቀንስስ? 999,999 ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ድርሻውም 142,857 ነው። የዑደቱን ርዝመት ማወቅ ማለት እንግዲህ ታህቱ ያለ ቀሪ የሚያካፍለው በዘጠኝ ብቻ የተጻፈ ትንሹ ቁጥር ስንት ዘጠኝ እንዳለው ማወቅ ነው። ዘጠኞቹን ተንትነን እንደርድራቸው፤

9 = 3 × 3
99 = 3 × 3 × 11
999 = 3 × 3 × 3 × 37
9,999 = 3 × 3 × 11 × 101
99,999 = 3 × 3 × 41 × 271
999,999 = 3 × 3 × 3 × 7 × 11 × 13 × 37

እዚህ ዝርዝር ላይ ጊዜ ሰጥታችሁ ብትቆዩ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ቁጥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይበት መስመር የዑደቱን ርዝመት ይነግረናል። 11 ብቅ የሚለው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ አንድ አሥራ አንደኛም 09 እያለ በሁለት አኃዝ ይዞራል። 37 ሦስተኛው ላይ ነው፤ አንድ ሠላሳ ሰባተኛ 027 ይላል። 101 አራተኛው መስመር ላይ ስለተገኘ፣ እስከ መቶ ሊሄድ የሚችለው ዑደት በአራት አኃዝ ይዘጋል። ሰባትን ግን ከላይ ባሉት አምስት መስመሮች ብትፈልጉት አታገኙትም። ትልቅ ታህት ረጅም ዑደት ያመጣል የሚለው ግምት እዚህ ይፈርሳል፤ 101 አራት፣ 41 አምስት፣ 7 ስድስት ነው።

ስድስተኛው መስመር ላይ ከሰባት ጋር ሌላም አዲስ ቁጥር አለ፤ 13። የአሥራ ሦስት ቀሪዎች አሥራ ሁለት ናቸው፤ ዑደቱ ግን ስድስት ላይ ይዘጋል። የቀሩት ስድስት ወዴት ሄዱ? 1ን ለ13 ስናካፍል የምናልፍባቸው ቀሪዎች 1፣ 10፣ 9፣ 12፣ 3፣ 4 ናቸው፤ ከዚያ ወደ 1 እንመለሳለን፤ አስርዮሹም 0.076923 ነው። 2 እዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከ2 ተነሥተን ስናካፍል ሌላ ዑደት ይከፈታል፤ 2፣ 7፣ 5፣ 11፣ 6፣ 8፤ አስርዮሹ 0.153846 ነው። አሥራ ሁለቱ ቀሪዎች እኩል ሁለት ቦታ ተከፍለዋል።

እኩል የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ከመጀመሪያው ዑደት እያንዳንዱን ቀሪ ወስዳችሁ በ2 አባዙና በ13 ግደፉ። 1 ወደ 2 ይሄዳል፤ 10 ሃያ ይሆንና 7 ይቀራል፤ 9 አሥራ ስምንት ይሆንና 5 ይቀራል፤ 12 ወደ 11፣ 3 ወደ 6፣ 4 ወደ 8 ይሄዳሉ። ሁለተኛው ዑደት በዚያው ቅደም ተከተል ወጣ። አሥራ ሦስት ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ ይህ ማባዛት ሁለት ቀሪዎችን አንድ ላይ አያጋጭም፤ ስለዚህ አዲሱ ዑደት ከፊተኛው አያንስም አይበልጥም። ሁለት ዑደቶች ደግሞ አንድ ቀሪ እንኳ ቢጋሩ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ስለሚሆን፣ ወይ ፍጹም አንድ ናቸው ወይ ፍጹም የተለያዩ። ለማንኛውም ከ2 እና ከ5 ውጭ ለሆነ ብቸኛ ቁጥር ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ቀሪዎቹ በሙሉ እኩል ርዝመት ባላቸው ዑደቶች ይደለደላሉ። የዑደቶቹ ብዛት በርዝመታቸው ሲባዛ ከታህቱ በአንድ ያነሰውን ቁጥር ይሰጣል።

የዑደትን ርዝመት ከታህቱ ጋር የሚያስተሳስረው ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ ርዝመቱ ከታህቱ በአንድ ለሚያንሰው ቁጥር አካፋይ ነው። ለሰባት ሊሆን የሚችለው 1፣ 2፣ 3 ወይም 6 ብቻ ነው፤ አራትና አምስት ከመነሻው ተዘግተዋል። ነገሩን በሰፊው መልኩ ያስቀመጠው በቱሉዝ የሕግ ሰው የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1640 ለወዳጁ ለፍሬኒክል በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው። ማረጋገጫውን አላሰፈረም፤ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ያረጋገጠው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ደግሞ በ1801 ባሳተመው ታላቅ የቁጥር መጽሐፉ ስለ አስርዮሽ ዑደቶች በሰፊው ጻፈ፤ በመጨረሻውም ሰንጠረዥ አኖረ።

ሕጉ ምን ያህል ሥራ እንደሚያቃልል በ17 ላሳያችሁ፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ አብራችሁኝ ብትሠሩ ይበልጥ ይገባችኋል። የስልኩ ማስሊያ 1ን ለ17 አካፍል ቢባል 0.058823529412 የሚል ወይም የሚመስለውን ያሳያል። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ እንታለላለን። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ድግግሞሹ አይታይም፤ የመጨረሻዋ 2 ደግሞ እውነተኛ አኃዝ አይደለችም፤ ማሽኑ አጠጋግቶ ያስቀመጣት ናት። በእርሷ ቦታ ያሉት ትክክለኛ አኃዞች 1 እና 7 ናቸው። ለሰባትም ስልክ 0.142857143 ሲል ያቺ መጨረሻ 3 እንዲሁ የማጠጋጋት ውጤት ናት። ዑደትን ከማሽን መስኮት ላይ የሚገምት ሰው በዚህ ይስታል፤ ቀሪውን የያዘ ግን አይስትም።

ስለዚህ አኃዝ በአኃዝ ሳይሆን ስምንት ስምንት እያደረግን እንሂድ። 100,000,000ን ለ17 አካፍሉ፤ 5,882,352 ነጥብ ምናምን ይላል። ከነጥብ በኋላ ያለውን ጣሉት። 5,882,352ን በ17 አባዙ፤ 99,999,984 ይሆናል። ከመቶ ሚሊዮን ስንቀንሰው ቀሪው 16 ነው። የጨመርነው ስምንት ዜሮ ነው፤ ያገኘነው ድርሻ ግን ሰባት አኃዝ ብቻ አለው፤ ስለዚህ ከፊቱ ዜሮ ማኖር ያስፈልጋል፤ 05882352። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚገባው በዚህች ዜሮ ነው፤ ከተረሳች ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ይዛነፋል። ቀጥለን 16 ላይ ስምንት ዜሮ እንጨምርና 1,600,000,000ን ለ17 እናካፍል፤ 94,117,647 ደርሶ ቀሪው 1 ነው። ተመለስን። አንድ አሥራ ሰባተኛ 0588235294117647 እያለ በአሥራ ስድስት አኃዝ ይዞራል።

ከዚያ በፊት ሳናይ የተዘጋ አጭር ዑደት እንደሌለ ምን ያረጋግጥልናል? ሕጉ። ርዝመቱ የ16 አካፋይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ወይም 16 ነው። ርዝመቱ 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ቢሆን ኖሮ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ቀሪው 1 ይሆን ነበር። እኛ ግን 16 አገኘን። ስለዚህ 16 ብቻ ይቀራል። አንዲት ቀሪ አራቱን ግምት በአንድ ጊዜ ጣለች።

ያቺ 16 ሌላም ነገር ታስተምረናለች። 16 ከ17 በአንድ ያንሳል፤ አንድ አሥራ ሰባተኛና አሥራ ስድስት አሥራ ሰባተኛ ሲደመሩ አንድ ሙሉ ናቸው። አንድ ሙሉ ደግሞ 0.999 እያለ የሚቀጥለው ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ግማሽ አኃዞች የፊተኛውን ግማሽ ወደ ዘጠኝ የሚሞሉ መሆን አለባቸው። 05882352ን ከ94117647 ጋር አንድ በአንድ ደምሯቸው፤ 0 እና 9፣ 5 እና 4፣ 8 እና 1፣ ሁሉም ዘጠኝ ናቸው። ሁለተኛውን ማካፈል ሳንሠራ ከፊተኛው ልንጽፈው እንችል ነበር። ወደ ሰባት ተመለሱ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ቀሪው 6 ነበር፣ ከሰባት በአንድ ያነሰ። 142 እና 857ም ሲደመሩ 999 ናቸው። ይህን ፈረንሳዊው ሚዲ በ1836 ጽፎታል። ታህቱ ብቸኛ ቁጥር ሆኖ የዑደቱ ርዝመት ተጋማሽ ከሆነ ሁልጊዜ ይሠራል። እንደ 37 ርዝመቱ ጎዶሎ ሲሆን ግን ለሁለት የሚገመስ ነገር የለምና አይሠራም።

ታህቱ ተተንታኝ ሲሆን ሥራው ከተማርነው ብዙም አይርቅም። 407 ማለት 11 × 37 ነው። የ11 ዑደት ሁለት፣ የ37 ሦስት ስለሆነ፣ ሁለቱም አብረው መነሻቸው ላይ የሚገናኙት በትንሹ የጋራ ብዜት፣ በስድስት ነው፤ አንድ አራት መቶ ሰባተኛ 002457 እያለ ይዞራል። አንድ ብቸኛ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ደግሞ ዑደቱ እንደ ደንቡ በዚያው ቁጥር ይባዛል፤ የ7 ስድስት ስለሆነ የ49 ርዝመት 42 ነው። ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጡ አሉ፤ አንድ ሦስተኛም አንድ ዘጠነኛም በአንድ አኃዝ ይዞራሉ፤ ከ3 በኋላ ይህን ጠባይ የሚያሳየው ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር 487 ነው።

አሁን ወደ ሰባት ዓይነቶቹ ልመለስ፤ ቀሪዎቻቸውን በሙሉ በአንድ ዑደት የሚጎበኙት ማለቴ ነው። ከመቶ በታች ካሉት 25 ብቸኛ ቁጥሮች እንዲህ ያሉት ዘጠኝ ናቸው፤ 7፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 47፣ 59፣ 61 እና 97። ሕጉ ርዝመታቸው ከየትኞቹ ቁጥሮች አንዱ እንደሚሆን ይነግረናል፤ ሙሉው መሆኑን ግን አይነግረንም። 13 ለምን በሁለት ዑደት እንደተከፈለ፣ 17 ለምን እንዳልተከፈለ አስቀድሞ የሚያሳውቅ፣ ለሁሉም ቁጥር የሚሠራ ቀላል ምልክት የለም፤ ቁጥር በቁጥር መሥራት ያስፈልጋል። በ1870ዎቹ እንግሊዛዊው ዊልያም ሻንክስ ይህን በእጁ ሲሠራ ኖሯል፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ላይ እስኪደርስ ድረስ የዑደታቸውን ርዝመት በሰንጠረዥ አስፍሯል።

እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ማብቂያ አላቸው ወይስ የላቸውም? በ1927 ኤሚል አርቲን ማብቂያ እንደሌላቸው፣ እንዲያውም ከብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ከመቶ 37.4 ያህሉ እንደ ሰባት እንደሆኑ ገመተ። በኮምፒውተር የተቆጠረው ሁሉ ከግምቱ ጋር ይስማማል፤ ከመቶ በታች ያገኘነው ዘጠኝ ከሃያ አምስት ራሱ ከመቶ 36 ነው። በ1967 ክሪስቶፈር ሁሊ ግምቱ ትክክል መሆኑን አሳየ፤ ያሳየው ግን እስካሁን ያልተረጋገጠውን አጠቃላዩን የሪማን መላምት እውነት ነው ብሎ ከተነሣ በኋላ ነው። በ1986 ደግሞ ሮጀር ሂዝ-ብራውን ያለ ምንም መላምት አንድ ነገር አረጋገጠ፤ ከ2፣ ከ3 እና ከ5 ቢያንስ አንዱ መቁጠሪያ መሠረት ቢሆን ሙሉ ዑደት ያላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ማብቂያ የላቸውም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጫው አይለይም። እኛ ስለምንቆጥርበት ስለ አሥር ደግሞ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ እስከ ዛሬ አልተገኘም።